ፎርማት የማይደርስበት ቺፕ

ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ጥገና ቤት ገብታችሁ «ጠባዩ ተለወጠብኝ» ብትሉ፣ ባለሙያው ከያዘው ሥራ ቀና ሳይል «ፎርማት እናድርገው» ይላችኋል። ፋይላችሁን ይገለብጥላችኋል፣ ዲስኩን ያጸዳል፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጭናል፤ ማታ መጥታችሁ ትወስዳላችሁ። ለአብዛኛው ቫይረስ ይህ መድኃኒት በደንብ ይሠራል። ቫይረስ ዞሮ ዞሮ ፋይል ነው፤ ፋይል የሚኖረው ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ሲጸዳ አብሮ ይጠረጋል። ይህ መድኃኒት ጨርሶ የማይነካው አንድ ዓይነት ግን አለ፤ ምክንያቱም ቤቱ ዲስኩ አይደለም።

ቤቱን ለማየት የላፕቶፑን ጀርባ መክፈት ይበቃል። አንድ የማውቀው ጠጋኝ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ እየጠቆመ አሳይቶኛል፤ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ጥቁር ካሬ ነገር፣ በአንድ ጎኑ አራት በሌላው ጎኑ አራት እግር ያለው። አንደኛው ማዕዘን ላይ ትንሽ ነጥብ አለች፤ አንደኛው እግር የቱ እንደሆነ የምትነግር እሷ ናት። ባትሪ አምፖል አብርተን አጉሊ መነጽር ስንይዝ ጀርባው ላይ 25Q128 የሚል ጽሑፍ ተነበበ። የመጨረሻው ቁጥር መጠኑ ነው፤ ግን በሜጋቢት ስለሆነ ለስምንት ይካፈላል። 16 ሜጋባይት ማለት ነው። ሦስትና አራት ዘፈን ቢጫንበት ይሞላል። ኮምፒውተሩ የትኛውንም ነገር ከማወቁ በፊት የሚያነበው ግን እሱን ነው።

ይህ «ከማወቁ በፊት» የሚለው ነገር የጉዳዩ ሁሉ ሥር ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። የማብሪያውን ቁልፍ ስትጫኑ ፕሮሰሰሩ ባዶ ጭንቅላት ይዞ ነው የሚነሣው። ራሙ ገና ሥራ አልጀመረም፤ ዲስክ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም። ፋብሪካው አንድ ነገር ብቻ አስይዞታል፤ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ከአራት ጊጋባይት ጣሪያ ሥር 16 ባይት ዝቅ ብሎ ካለው አድራሻ እንዲያነብ። ያ አድራሻ የሚያደርሰው ወደዚያች ስምንት እግር ወዳላት ቺፕ ነው። በውስጧ ያለውን ፕሮግራም ድሮ ባዮስ እንለው ነበር፤ ዛሬም ጥገና ቤት ስሙ ባዮስ ነው፤ በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ያለው ትክክለኛ ስሙ ዩኢኤፍአይ ነው። ጥቅል ስሙ ፈርምዌር ይባላል። መጀመሪያ ራሙን ያስነሣል፤ ቀጥሎ ብዙ ትናንሽ ሞጁሎችን አንድ በአንድ እየጠራ ኪቦርዱን፣ ስክሪኑን፣ ዩኤስቢውን፣ ዲስኩን ያነቃቃል፤ በመጨረሻ ዲስኩ ላይ ያለውን የዊንዶውስ አስነሺ ፈልጎ «በል አንተ ቀጥል» ብሎ ያስረክባል። ዊንዶውስ ባለቤት መስሎ ይግባ እንጂ በሩን የከፈተለት ሌላ ነው።

ዊንዶውስ ስንጭን ታዲያ ምን እናደርጋለን? ጫኚው ፕሮግራም ዲስኩን ይከፋፍላል፣ ክፍሎቹን ያጸዳል፣ አዲስ ፋይሎችን ይገለብጣል። ስምንት እግሯ ቺፕ በዚህ ሥራ ውስጥ የለችም። ዲስክ ስላልሆነች C ወይም D የሚል ፊደል አልተሰጣትም፤ ከዝርዝሩም ላይ አትታይም። ከፕሮሰሰሩ ጋር የምትገናኘውም ዲስኮች በሚገናኙበት ሳይሆን የራሷ በሆነ ሌላ ቀጭን መስመር ነው። ጫኚው እንድትጸዳ ቢፈልግ እንኳ ደግ አይደለም፤ ቺፗ ባዶ ከሆነች ማሽኑ ማብሪያው ሲጫን አድናቂው ሽው ብሎ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ይህን በጭካኔ ያሳየው ቼርኖቤል በሚል ስም የሚታወቀው ሲአይኤች የተባለው ቫይረስ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ሚያዝያ 26 ቀን 1999 ዓ.ም. ሲደርስ፣ በያዛቸው ማሽኖች ላይ የዲስኩን መጀመሪያ አበላሽቶ፣ በተቻለውም ላይ የባዮሱን ቺፕ በዝባዝንኬ ሞላው። ቺፑ የተበላሸበት ሰው ወይ ቺፕ አስቀየረ ወይ ማዘርቦርዱን ጣለ።

ሲአይኤች ቺፑን የፈለገው ለማጥፋት ነው። እዚያ ገብቶ መኖር የሚለውን ሐሳብ በሕጋዊ መንገድ ያመጡት ሌሎች ናቸው፤ ያውም በመልካም ዓላማ። ላፕቶፕ የሰረቀ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ፎርማት ማድረግ ነው። ስለዚህ የተሰረቀ ላፕቶፕ ፈላጊ ፕሮግራም ዲስክ ላይ ቢቀመጥ ሌባው በግማሽ ሰዓት ይገላገለዋል። አብሶሉት የተባለው ኩባንያ ኮምፒውትሬስ፣ በኋላም ሎጃክ በሚል ስም የሸጠው ምርት መፍትሔው ይህ ነበር፦ ከብዙ ላፕቶፕ አምራቾች ጋር ተስማምቶ አንድ ትንሽ ሞጁል ከፋብሪካው ባዮሱ ውስጥ ገባ። ባለቤቱ ካነቃው፣ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ሞጁሉ ዊንዶውስ ላይ ወኪሉ መኖሩን ይፈትሻል፤ ከሌለ መልሶ ያስቀምጠዋል። ወኪሉ rpcnetp.exe የሚባል ትንሽ ፋይል ነው፤ ሥራው ኢንተርኔት ሲያገኝ ወደ ኩባንያው ደውሎ «አለሁ» ማለት ነው። ሌባው መቶ ጊዜ ፎርማት ቢያደርግ፣ ዲስኩን አውጥቶ አዲስ ቢገዛ፣ ፋይሉ ተመልሶ ይመጣል። ለሌባ የተጠመደ ወጥመድ ነው፤ ነገር ግን ወጥመድ የጠመደውን ሰው ለይቶ አያውቅም።

በግንቦት 2018 አርበር ኔትወርክስ የተባለው የደኅንነት ድርጅት አንዳንድ የሎጃክ ወኪሎች ወደ ኩባንያው ሳይሆን ወደ ሌላ አድራሻ እንደሚደውሉ ጻፈ። ጠላፊዎቹ ፕሮግራም መጻፍ እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ በወኪሉ ውስጥ በቀላል መሸፈኛ የተደበቀውን አድራሻ ብቻ ቀየሩት። በዚያው ዓመት በመስከረም ኢሴት የተባለው የስሎቫኪያ ጸረ ቫይረስ ኩባንያ የቀረውን ታሪክ ይፋ አደረገ። ስሙንም ከሎጃክ አስጠግቶ ሎጃክስ አለው። ሴድኒት፣ በሌላ ስሙ ፋንሲ ቤር የተባለው፣ የአሜሪካ መንግሥት ከሩሲያ ወታደራዊ ስለላ ጋር የሚያያይዘው ቡድን፣ በባልካንና በመካከለኛውና ምሥራቅ አውሮፓ ባሉ የመንግሥት ተቋማት ላይ የተጠቀመበት ነው። ከዚያ በፊት ስለ እንዲህ ያለ ነገር በጉባኤዎች ብዙ ተወርቷል፤ በዩኢኤፍአይ ቺፕ ውስጥ ገብቶ በእውነተኛ ሰለባ ማሽን ላይ ሲሠራ የተያዘ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

እንዴት ገባ? ከውጭ ሆኖ ቺፑን የሚነካ ማንም የለም፤ መጀመሪያ ዊንዶውሱን በተለመደው መንገድ መያዝ ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ ሦስት መሣሪያ በተራ ተጠቀሙ። አንደኛው ስለ ማሽኑ ፈርምዌር መረጃ ይሰበስባል። ሁለተኛው ቺፑን ሙሉ በሙሉ አንብቦ ፋይል ያደርገዋል። ሦስተኛው በዚያ ፋይል ውስጥ ቦታ ፈልጎ የራሱን ሞጁል ይጨምርና መልሶ ቺፑ ላይ ይጽፈዋል። ዊንዶውስ ተራ ፕሮግራም ሃርድዌሩን እንዲህ እንዲነካ አይፈቅድም፤ እነሱ ግን አርደብሊው ኤቭሪቲንግ የተባለውን ነፃ መሣሪያ ድራይቨር ይዘው መጡ። ይህ የሃርድዌር ባለሙያዎች የማሽንን ውስጠኛ ቁጥሮች የሚያዩበት ታማኝ መሣሪያ ነው፤ ድራይቨሩ ተገቢው ፊርማ ስላለው ዊንዶውስ ተቀበለው። ሌባ በተዋሰው ቁልፍ ገባ እንደማለት ነው።

ቺፑስ መቆለፊያ የለውም ወይ? አለው፤ ግን የሚቆልፈው የማዘርቦርዱ አምራች ነው፣ አምራቹ ደግሞ አንዳንዴ ይረሳል። መቆለፊያው «መጻፍ ይፈቀድ» የምትል አንዲት ቢት ናት። ዜሮ ከሆነች አይጻፍም። ዊንዶውስ ላይ ያለ ድራይቨር ግን ወደ አንድ ሊቀይራት ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ቢት ተጨመረ፤ ዘበኛ የምትጠራ። አንድ ሰው ያቺን የመጀመሪያ ቢት በነካ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ሥራውን አቁሞ የፈርምዌሩን ዘበኛ ይቀሰቅሳል፤ ዘበኛው መጥቶ ወደ ዜሮ ይመልሳታል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዘበኛው ነቅቶ በሩ ጋ እስኪደርስ ድረስ አንዲት ቅጽበት አለች። ሎጃክስ የገባው በዚያች ቅጽበት ነው። አንደኛው የፕሮሰሰር ኮር ቢቷን ያለማቋረጥ አንድ ያደርጋታል፣ ሌላኛው ኮር ያለማቋረጥ ለመጻፍ ይሞክራል፤ ከብዙ ሙከራ አንዱ በሩ ክፍት ሆኖ ሲያገኘው ይገባል። ለዚህም መድኃኒት አለ። ሦስተኛ ቢት አለች፤ ኮሮቹ ሁሉ በዘበኛው ቁጥጥር ሥር ካልሆኑ መጻፍ የምትከለክል። እሷ ከበራች ሩጫው ዋጋ የለውም። ሎጃክስ የሠራባቸው ማሽኖች ወይ ያረጁ ነበሩ ወይ አምራቹ ያቺን ቢት ሳያበራ የሸጣቸው። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ አንዲት ቢት ናት፤ ገዢው ላፕቶፕ ሲመርጥ ስለ ራምና ስለ ስክሪን ይጠይቃል እንጂ ስለ እሷ ማን ይነግረዋል?

አሁን ሞጁሉ ቺፑ ውስጥ ነው። ተጠቃሚው «ቫይረስ አለብኝ» ብሎ ዊንዶውሱን አስጸድቶ እንደ አዲስ ጭኗል እንበል። የመጀመሪያው ማብራት ላይ ምን እንደሚሆን ደረጃ በደረጃ እንከተለው።

ፈርምዌሩ ሞጁሎቹን ሲጠራ የተጨመረውንም እንደ ራሱ ልጅ ይጠራዋል። ሞጁሉ ወዲያው ሥራ አይጀምርም፤ «ማሽኑ ለመነሣት ዝግጁ ሲሆን ቀስቅሱኝ» ብሎ ይመዘገብና ይጠብቃል። ጊዜውን የመረጠው በብልሃት ነው። በዚያች ሰዓት ዲስኩ ነቅቷል፣ ዊንዶውስ ግን ገና አልተጠራም። ጸረ ቫይረስ የለም፤ «ይህን ፋይል መንካት አትችልም» የሚል የለም፤ ፈቃድ የሚጠይቀው ዊንዶውስ ሲኖር ነውና። አንድ ችግር ብቻ አለ። ዩኢኤፍአይ በደንቡ የሚያውቀው ፋት የተባለውን ቀላል የፋይል አደራደር ነው፤ የዊንዶውስ ዲስክ ግን ኤንቲኤፍኤስ ነው። ስለዚህ ሞጁሉ ኤንቲኤፍኤስ የሚያነብና የሚጽፍ ድራይቨር ከራሱ ጋር አዝሎ መጥቷል። ይህንንም አልጻፉትም። በሐምሌ 2015 ሃኪንግ ቲም የተባለው የስለላ ፕሮግራም የሚሸጥ የጣሊያን ኩባንያ ራሱ ተጠልፎ ገመናው ኢንተርኔት ላይ ሲዘረገፍ፣ ድራይቨሩም አብሮ ወጥቶ ነበር።

ሞጁሉ ዲስኩን ከፍቶ ሁለት ፋይል ያስቀምጣል፤ rpcnetp.exe እና autoche.exe። ፋይል ማስቀመጥ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሚያስነሣው ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ይመጣል። መብራት በድንገት ሲሄድና ዴስክቶፑ ጠፍቶ ሲነሣ፣ ዊንዶውስ ሳይገባ ጥቁር ስክሪን ላይ ዲስኩን እመረምራለሁ የሚለው ፕሮግራም ስሙ autochk ነው። በእያንዳንዱ ማስነሻ ላይ ይጠራል፤ ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ደህና ስለሆነ ሳናየው ያልፋል። እንዲጠራ የሚያዘው ሬጅስትሪ ውስጥ BootExecute በሚባል ቦታ ያለች አንዲት መስመር ናት። ሞጁሉ ያቺን መስመር ፈልጎ አንድ ፊደል ይቀይራል፦

```
autocheck autochk *
autocheck autoche *
```

የላይኛው ጤነኛው፣ የታችኛው የተነካው ነው። k የነበረችው e ሆነች። ዊንዶውስ ተነሥቶ እንደ ወትሮው መስመሯን ሲያነብ የራሱን መርማሪ ሳይሆን autoche.exe የተባለውን ይጠራል። እሱም rpcnetp.exe ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚነሣ አገልግሎት ሆኖ እንዲመዘገብ ያደርጋል፤ ከዚያ መስመሯን ወደ ነበረችበት ይመልሳል። እናንተ ተነሥታችሁ ብታዩ e የለችም። ትናንት የተጫነ፣ ገና አንድ ፋይል ያልተቀመጠበት ንጹሕ ዊንዶውስ እንዲህ ሆኖ ተይዟል፤ የያዘውም ከመጫኛው ፍላሽ የመጣ ነገር አይደለም። ዲስኩን አውጥታችሁ ከሱቅ የተገዛ አዲስ ብትከቱም ታሪኩ አይለወጥም፤ ዊንዶውስ በተጫነበት ሰዓት ያው ደረጃ ይደገማል።

ይህ አሠራር የራሱ ድካም አለው። ዲስኩ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ተመስጥሮ የተቆለፈ ቢሆን፣ ቢትሎከርን በመሰለ ነገር፣ ያ የታዘለ ድራይቨር የሚያየው ትርጉም የለሽ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ፋይል የሚያስቀምጥበት አያገኝም። ሌሎች በኋላ የተገኙ ግን ዲስኩን ጭራሽ አይነኩም። ካስፐርስኪ በጥር 2022 የገለጸው ሙንባውንስ ቺፑ ውስጥ ያለውን የቆየ ሞጁል ራሱን ነው የነካው፤ ከዚያ ተነሥቶ ዊንዶውስ ሲነሣ ራም ውስጥ ይሸጋገራል። ዲስክ ላይ ፍለጋ የወጣ ጸረ ቫይረስ ባዶ እጁን ይመለሳል።

እዚህ ላይ የሚምታታ ነገር ስላለ ላጥራ። በ2023 ብዙ የተወራለት ብላክሎተስ ከዊንዶውስ በፊት ይነሣል፤ ቤቱ ግን ቺፑ አይደለም። ዲስኩ ላይ፣ ፊደል ያልተሰጣት፣ ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ሜጋባይት የሆነች የማስነሻ ክፍል አለች፤ የሚኖረው እሷ ውስጥ ነው። ዲስኩ ሙሉ በሙሉ፣ ያቺ ትንሽ ክፍል ሳትቀር ተሰርዞ ከተጫነ እሱ ይጠፋል። C ብቻ ፎርማት ተደርጎ ሌላው «እንዳይነካ» ከተተወ ግን ይቀራል። ብዙ ጥገና ቤት የሚደረገው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ደንበኛው D ላይ ፎቶ ስላለው። ስለዚህ «ፎርማት አድርጌው ተመለሰ» ያለ ሁሉ ቺፑ ተይዟል ማለት አይደለም። የተያዘውን ፍላሽ መልሶ ሰክቶም ሊሆን ይችላል፤ የተሰበረ ፕሮግራም ጭኖም ሊሆን ይችላል። እኔ በበኩሌ መጀመሪያ የምጠረጥረው እነዚህን ነው። የrpcnetp.exe መታየትም ለብቻው ማስረጃ አይሆንም፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ከውጭ ያስመጣ ሰው የቀድሞው መሥሪያ ቤት ያነቃው እውነተኛ ሎጃክ ሊኖርበት ይችላል።

እርግጠኛ የሚያደርገው ቺፑን ራሱን ማንበብ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሆኖ የሚያነብ ፕሮግራም አለ፤ ችግሩ ግን ንባቡ የሚያልፈው በተጠርጣሪው ፈርምዌር በሚታዘዝ ማሽን ውስጥ ነው፤ ተንኮለኛ ፈርምዌር ደግሞ የፈለገውን ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ከውጭ ይነበባል። ባትሪው ይነቀላል፣ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ከዚያ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያለ ክሊፕ ስምንቱን እግር ይይዛል፤ የክሊፑ ገመድ ፕሮግራመር ከሚባለው ትንሽ መሣሪያ ጋር፣ እሱም ከሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። ባዮስ ላይ የተረሳ ፓስወርድ የሚፈቱ ጠጋኞች ይህንኑ ዕቃ ነው የሚጠቀሙት። አንድ ጥንቃቄ፦ ብዙው ቺፕ 3.3 ቮልት ይፈልጋል፤ 1.8 ቮልት የሚፈልግም አለና ያለ አስማሚ ከተሰካ ይቃጠላል። ሊኑክስ ላይ ትእዛዙ ይህን ይመስላል፦

```
flashrom -p ch341a_spi -r nibab1.bin
flashrom -p ch341a_spi -r nibab2.bin
sha256sum nibab1.bin nibab2.bin
```

ሁለት ጊዜ የሚነበበው ክሊፑ ስለሚያታልል ነው። አንዷ እግር በደንብ ካልተነካች ንባቡ የተሳሳተ ይሆናል፤ የሁለቱ ፋይሎች ድምር ቁጥር አንድ ካልሆነ ክሊፑን አስተካክሎ መድገም ነው። ከዚያ አምራቹ ለዚያ ሞዴል ካወጣው ፋይል ጋር ማስተያየት ይመጣል። ልክ በልክ አንድ ይሆናሉ ብላችሁ አትጠብቁ፤ ቺፑ የማሽኑን መለያ ቁጥር፣ የኔትወርክ አድራሻውን፣ እናንተ የቀያየራችሁትን የባዮስ ምርጫ ሁሉ ይይዛል፤ እነዚህ በእያንዳንዱ ማሽን ይለያያሉ። የሚመረመረው የሞጁሎቹ ክፍል ነው። ዩኢኤፍአይቱል በተባለው ፕሮግራም ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቶ፣ እዚህ ያለ እዚያ የሌለ ሞጁል አለ ወይ፣ ስሙ አንድ ሆኖ ይዘቱ የተለየ አለ ወይ ብሎ መፈለግ ነው። ሎጃክስ ተጨማሪ ሞጁል ስለሆነ በዚህ ይያዛል። ሙንባውንስን የመሰለ ግን በነበረ ሞጁል ውስጥ ተደብቆ ስለሆነ ዝርዝሩን ብቻ ያየ ሰው ያልፈዋል።

ማጽጃውም ያው ክሊፕ ነው፤ ከአምራቹ የመጣው ንጹሕ ፈርምዌር፣ የማሽኑ መለያ ቁጥሮች ከመጀመሪያው ንባብ ተወስደው ተመልሰውበት ይጻፋል። «ባዮሱን ከድረ ገጹ አውርጄ ዊንዶውስ ላይ አፕዴት ባደርገውስ?» የሚል ይኖራል። አንዳንዴ ይሠራል። ግን አዲሱን የሚጽፈው አሮጌው ፈርምዌር በሚቆጣጠረው ማሽን ላይ ነው፤ ሁሉም አፕዴት ደግሞ ቺፑን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይጽፍም። ኢሴትም ሎጃክስ ላይ የሰጠው ምክር ቺፑን በንጹሕ ፈርምዌር እንደገና መጻፍ፣ ያ ካልተቻለ ማዘርቦርዱን መቀየር ነበር። ከ2013 ጀምሮ በወጡ ብዙ የኢንቴል ማሽኖች ላይ ቡት ጋርድ የሚባል ነገር አለ፤ አምራቹ የቁልፉን አሻራ ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ሌላ ቺፕ ውስጥ ለዘለቄታው ያቃጥለዋል፣ ማሽኑም የፈርምዌሩን መጀመሪያ ክፍል ከዚያ አሻራ ጋር አመሳክሮ ካልገጠመ አይነሣም። ጥሩ መከላከያ ነው፤ አምራቹ ካበራው።

የሥራው ቅደም ተከተል ግን አይገለበጥም። ዲስኩ መጀመሪያ ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ቺፑ ይጻፋል፣ የተጻፈው እንደገና ተነብቦ ይመሳከራል፣ ማሽኑ ያለ ዲስክ ተነሥቶ ባዮሱ ውስጥ ይገባል፤ ቀኑና ሰዓቱ ጠፍቶ የድሮ ዓመት ቢያሳይ አትደንግጡ። ዲስኩ በሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ፣ ምንም ሳይነሣበት፣ ሁሉም ክፍሉ ይሰረዛል። ዲስኩ ሳይጸዳ ቢመለስ፣ ቺፑን መጀመሪያ የጻፈው መሣሪያ እሱ ላይ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ ዲስኩ ቀድሞ ጸድቶ ቺፑ ቢተው ደግሞ ከላይ ያየነው ይደገማል። ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ሲገናኙ ነው ጠጋኙ የለመደውን ፍላሽ ሰክቶ ዊንዶውስ መጫን የሚጀምረው።